ስላይዱን ከመላክዎ በፊት በመሃል ይቁረጡት፦ ኢንተርኔታቸው ዘገምተኛ ለሆነ ተማሪዎች የትምህርት ስክሪንሾት አዘገጃጀት

በስላይድ ስክሪንሾት ላይ ሁለት ቅሬታዎች ይመጣሉ። አንዱ ተማሪ «አልወርድልህ አለኝ» ይላል፤ ሌላው «ወርዶልኛል፣ ግን አይነበብም» ይላል። መምህሩ የመጀመሪያውን ሰምቶ ምስሉን ሲያሳንሰው ሁለተኛው ቅሬታ ይበዛል፤ ሁለተኛውን ሰምቶ ሲያተልቀው የመጀመሪያው ተመልሶ ይመጣል። ብዙ መምህራን በዚህ መሃል ሲንገላቱ ኖረው በመጨረሻ «ኔትወርኩ ነው» ብለው ይተዉታል።

ኔትወርኩ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ደብረ ማርቆስ መሃል ከተማ ተቀምጦ በጥሩ ፍጥነት የሚልክ መምህር፣ በጮቄ ግርጌ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው አፋፍ ላይ ያለ ተማሪው ስልክ ላይ `E` የምትል ፊደል ብቻ እንደምትታይ ይዘነጋዋል። ያቺ ፊደል ስልኩ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ መሆኑን ትናገራለች። እዚያ ላይ በሰከንድ 10 ኪሎባይት ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። በዚህ ፍጥነት 700 ኪሎባይት የሆነ አንድ ስክሪንሾት ከደቂቃ በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያሉ 15 ስላይዶች ያሉት ትምህርት ደግሞ ሩብ ሰዓት አልፎ ይሄዳል፤ ያም መስመሩ ካልተቋረጠ ነው።

ሆኖም ሁለቱም ቅሬታዎች የሚነሡት ከአንድ ምንጭ ነው። ስላይዱ የተሠራው ለግድግዳ ነው፤ የሚታየው ግን በመዳፍ ላይ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ ምስሉን ማሳነስ ሳይሆን መቁረጥ ነው። በመጀመሪያ በስልኩ ላይ የሚነበበው ፊደል መጠን ይወሰናል። ቀጥሎ ስላይዱ ለዚያ ይከፈላል፤ ክብደቱ የሚቀነሰው ደግሞ ከቀለም ብዛት ነው። ፒክስል የሚነካው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አካሄዱን በአንድ ስላይድ እናየዋለን። የጂኦግራፊ ትምህርት ነው፤ ርእሱ «የአየር ንብረት ቀጠናዎች በምሥራቅ ጎጃም» ይላል። ላይኛው ጠርዝ ላይ የትምህርት ቤቱ ስምና ዓርማ ያለበት ሰፊ ሰማያዊ መደብ አለ። በግራ በኩል ከዓባይ ሸለቆ ተነሥቶ በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ጮቄ ተራራ ጫፍ የሚወጣ የመሬት ቁልቁለት ሥዕል ተስሏል። በስተቀኝ ከላይ የቀጠናዎቹ ከፍታ ሠንጠረዥ በ14 ነጥብ ፊደል ተጽፏል። ከሥሩ በጮቄ ላይ የበቀለ ጅብራ ፎቶግራፍ አለ። የጀርባው ቀለም ከሰማያዊ ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚለወጥ ነው። በኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ያምራል። ስክሪንሾቱ 700 ኪሎባይት ገደማ ነው።

በመጀመሪያ ፊደሉን ይለኩ

በተለመደው 16 በ9 ቅርጽ የተሠራ የፓወርፖይንት ስላይድ ስፋቱ ወደ 34 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ተራ ስልክ ቀጥ ብሎ ሲያዝ የስክሪኑ ስፋት ከ6 ሴንቲሜትር ተኩል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ስላይዱ ስልኩ ላይ ሲታይ ከአምስት እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ፊደሉም አብሮት ያንሳል። በሠንጠረዡ ላይ ያለው 14 ነጥብ ፊደል በተማሪው እጅ ላይ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። የጋዜጣ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ነጥብ ባለው መካከል እንደሚታተም ያስቡ። ይህን የሚያነብ ዓይን የለም፤ ምስሉን በፒክስል ቢያበዙትም አይነበብም። ተማሪው በሁለት ጣቱ እያሰፋ፣ ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ያነበዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከስክሪኑ ወጥቷል።

እኔ በስልክ ላይ ለሚነበብ የአማርኛ ጽሑፍ ዝቅተኛ ወሰን አድርጌ የምይዘው 7 ነጥብ ነው። ስላይዱ ሙሉውን ከተላከ እዚያ ለመድረስ ስላይዱ ላይ ያለው ፊደል ከ36 ነጥብ ማነስ የለበትም። በዚያ መጠን ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ከርእስና ከሦስት መስመር በላይ አይገባም። ስላይዱ በመሃል ከተቆረጠ ግን እያንዳንዱ ግማሽ 17 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ስልኩ ላይ የሚያንሰው በሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ያኔ 18 ነጥብ የሆነ ፊደል 7 ነጥብ ያህል ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት ደንቡ አጭር ነው፦ በስላይዱ ላይ ከ18 ነጥብ ያነሰ ፊደል አይኑር፤ ቢቻል 20 ይሁን፤ ከዚያ ስላይዱ በመሃል ይቆረጥ።

ለእኛ ፊደል ይህ ጥንቃቄ ከላቲኑ ይልቅ ይብሳል። በላቲን የፊደሉ አጠቃላይ ቅርጽ ከታየ ቃሉ ይታወቃል። በግዕዝ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው ትንሽ ቅጥያ ነው። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ያለች ቀለበት ናት። ምስሉ ሲያንስ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና «ቤ» ወደ «ቢ» ይቀየራል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ደግሞ ቅጥያው እግሩ መሃል ላይ ወይም ታች ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩ ቀጭንና ወፍራም እየሆነ የሚሄደው የኒያላ ፊደል ለስልክ ምስል አይመችም፤ ቀጭኑ ክፍል ቀድሞ ይጠፋል። መስመሩ እኩል ውፍረት ያለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ወይም ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣው ኢብሪማ ይሻላል። ደማቁን ዓይነት ለርእስ ብቻ ይጠቀሙበት፤ በትንሽ መጠን ደማቅ ፊደል ራሱ ቀለበቱን ይደፍናል።

ከፊደል ይልቅ የሚያሠጋኝ ቁጥር ነው። የተበላሸ ቃልን ተማሪው ከዓረፍተ ነገሩ ይገምተዋል። «2300» «2800» መስሎ ከታየው ግን የሚገምትበት ነገር የለም፤ እንዳነበበው ያጠናዋል፤ ፈተና ላይም ይጽፈዋል። የሚላከውን ምስል ሲመረምሩ ዓይንዎን በመጀመሪያ 3፣ 8፣ 6 እና 9 ላይ ያሳርፉ።

ስክሪንሾት ከማንሣትዎ በፊት ስላይዱን ያራግፉ

የስላይዱን ቅጂ ይክፈቱ፤ ዋናውን አይንኩ። ፓወርፖይንት ላይ `Alt+F9` ሲጫኑ በገጹ መሃል ቀጥ ያለ የነጠብጣብ መስመር ይመጣል። መቁረጫዎ እሱ ነው። ምንም ጽሑፍ ወይም ሥዕል መስመሩን እንዳያቋርጥ አድርገው ይዘቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያስተካክሉ።

ከዚያ ትምህርት የማያስተምረውን ሁሉ ያውጡ፤ ሰማያዊውን መደብ፣ ዓርማውን፣ የገጹን ቁጥር፣ የፊደል ጥላውን። ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ነጭ ያድርጉት። ይህ ለውበት አይደለም። ፒኤንጂ የተባለው የምስል ዓይነት ክብደቱን የሚቀንሰው ተደጋጋሚ የሆነውን በአጭሩ በመጻፍ ነው፤ ገጹን የሞላ ነጭ ከሞላ ጎደል ምንም አያስከፍለውም። ቀስ እያለ የሚለወጥ ቀለም ግን በእያንዳንዱ ረድፍ ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ያለ ጥቅም ያከብደዋል፤ ኋላ ላይ ቀለሙን ስንቀንስ ደግሞ ገጹን ዥጉርጉር ያደርገዋል። ቀጠናዎችን ለመለየት በቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች የተሞላ ጥለት የሚጠቀሙም አሉ። እሱም ስልክ ላይ ሲያንስ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ ይፈጥራል። ጠፍጣፋ ቀለም ይበቃል።

አሁን ሠንጠረዡን ይመልከቱ። አራት ረድፍ ነው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ፤ ከፊታቸው የከፍታቸው ቁጥር። ይህ ለምን ምስል ይሆናል? አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ጽሑፍ ሲላክ የሚይዘው ሦስት ባይት ነው። ሠንጠረዡ በሙሉ እንደ ተራ መልእክት ቢላክ አንድ ኪሎባይት አይሞላም፤ ተማሪውም በስልኩ በለመደው መጠን ያነበዋል፤ ገልብጦም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ጽሑፍ ብቻ የሆነ ስላይድ ስክሪንሾት ሊሆን አይገባውም። ስክሪንሾት ለሥዕል፣ ለካርታ፣ ለግራፍና ለቀመር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። ብዙዎቻችን ከዓመታት በፊት ያዘጋጀናቸው ስላይዶች ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፊደሎች የተተየቡ ናቸው። እነዚህን ገልብጠው ወደ ቴሌግራም ሲያስገቧቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆነው ይወጣሉ። ሰነዱን እንዳለ ሲልኩትም ስልኩ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አጭር ከሆነ እንደገና መተየብ፣ ረጅም ከሆነ ስክሪንሾት ማድረግ ብቻ ነው አማራጩ።

ለሥዕሉ የማውቀው ጥሩ ዘዴ ስሞችን በቁጥር መተካት ነው። በቁልቁለቱ ላይ «የዓባይ ሸለቆ»፣ «ደጀን»፣ «ደብረ ማርቆስ»፣ «ጮቄ» ተብሎ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አውጥተው በምትኩ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው በ28 ነጥብ ይጻፉ። ስሞቹ ከምስሉ ሥር በሚሄደው ጽሑፍ ውስጥ ይገባሉ። ሥዕሉ ይጠራል፤ ፊደል የመበላሸቱ ሥጋትም ከነጭራሹ ይቀራል። በተጨማሪም ተማሪው ቁጥሩን አይቶ ስሙን ለማስታወስ ስለሚሞክር ራሱን የሚፈትንበት ይሆንለታል።

ስክሪንሾቱን ማንሣት

`F5` ተጭነው ስላይዱን በሙሉ ስክሪን ይክፈቱ፤ የመዳፊቱን ቀስት ወደ ጥግ ያውጡ፤ ከዚያ `Win+PrtScn` ይጫኑ። ዊንዶውስ ምስሉን በፒኤንጂ አድርጎ በ`Pictures` ሥር ባለው `Screenshots` ማኅደር ውስጥ ያስቀምጥልዎታል። ከማዘጋጃው መስኮት ላይ አያንሡ። እዚያ ስላይዱ ራሱ በጎንና በላይ ባሉት ማውጫዎች ተጨናንቆ ያነሰ ነው፤ ኮምፒውተሩ የማያውቃቸው የአማርኛ ቃላት ሁሉም ሥራቸው በቀይ ሞገድ ተሰምሮባቸው ይወጣል። ተማሪ ያንን ሲያይ መምህሩ በየቃሉ የተሳሳተ ይመስለዋል።

የላፕቶፕን ስክሪን በስልክ ካሜራ ፎቶ አንሥቶ መላክ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር። ፋይሉ በርካታ ሜጋባይት ይሆናል፤ የስክሪኑ ነጥቦችም ከካሜራው ነጥቦች ጋር ተጋጭተው በጽሑፉ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ መስመር ይጥላሉ።

አብዛኛው ርካሽ ላፕቶፕ የስክሪኑ ስፋት 1366፣ ከፍታው 768 ፒክስል ነው። ይህን በመሃል ሲቆርጡት እያንዳንዱ ግማሽ 683 ፒክስል ይሆናል። ተማሪዎቻችን ዘንድ የሚገኘው የብዙው ርካሽ ስማርት ስልክ ስክሪን ስፋቱ 720 ፒክስል ነው። ስለዚህ ግማሹ ምስል ስልኩን ከሞላ ጎደል ልክ ሞልቶት ይቀመጣል። እርስዎ ማሳነስም ሆነ ማተለቅ ስለማያስፈልግዎ የፊደሉ ጠርዝ ከሞላ ጎደል እንደ ተነሣ ይቆያል። ምስል በተሳነሰ ቁጥር የፊደሉ ጠርዝ ግራጫ ይሆናል፤ ግራጫው ደግሞ ንባቡንም ያደበዝዛል፤ ፋይሉንም ያከብዳል። ላፕቶፕዎ 1920 በ1080 ከሆነ ግማሹ 960 ፒክስል ይሆናል፤ እሱንም አያሳንሱት። ቀለሙ ከተቀነሰ ጭማሪው ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ በጣቱ ለሚያሰፋ ተማሪም ይጠቅመዋል።

መቁረጥና ቀለም መቀነስ

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ኢርፋንቪው የተባለውን የምስል ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ያረጀ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ምስሉን ከፍተው የሚፈልጉትን ክፍል በመዳፊት ያስምሩና `Ctrl+Y` ይጫኑ፤ የቀረው ይወገዳል። የርእሱ መስመር ከላይ 80 ፒክስል ያህል ከያዘ እሱንም አብረው ይቁረጡት፤ ርእሱ በጽሑፍ ይሄዳል።

ከዚያ `Image` ከሚለው ማውጫ `Decrease color depth` የሚለውን ይምረጡና 16 ቀለም ላይ ያድርጉት። እዚያው ላይ `Use Floyd-Steinberg dithering` የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ፤ ምልክቱን ያንሡት። ይህች ትንሽ ሣጥን ሥራውን በሙሉ ልታበላሽ ትችላለች። ምልክቱ ካለ ፕሮግራሙ የጎደለውን ቀለም ለመምሰል ገጹ ላይ ነጠብጣብ ይበትናል። ነጠብጣብ ድግግሞሽን ስለሚያጠፋ ፋይሉ ይከብዳል፤ በፊደሎቹ ዙሪያም አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። በመጨረሻ `S` ተጭነው በፒኤንጂ ያስቀምጡ።

16 ቀለም የሚያንስ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ የሚፈልገው ጥቁር፣ ነጭና በመካከላቸው ያሉ ጥቂት ግራጫዎችን ነው። በቁልቁለቱ ሥዕል ላይ አራት የቀጠና ቀለሞች ሲጨመሩ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የተቀራረቡ ሁለት ቀለሞች አንድ ይሆናሉ። ወይና ደጋውና ደጋው ሁለቱም አረንጓዴ ከነበሩ ድንበራቸው ይጠፋል። ያኔ ወደ 32 ከፍ ያድርጉት፤ ወይም የሚሻለውን ያድርጉና ስላይዱ ላይ ተመልሰው አንዱን ቢጫ ያድርጉት። በተቃራኒው 4 ቀለም ላይ ከወረዱ የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ይነካከሳል፤ የሚያተርፉት ጥቂት ኪሎባይት አያካክሰውም።

አንዳንድ ጊዜ ከድረ ገጽ ወይም ከፒዲኤፍ ማንበቢያ የተነሣ ስክሪንሾት በጣም ሲያሰፉት ጥቁሩ ፊደል ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። ዊንዶውስ ፊደልን በስክሪን ላይ ለማጥራት የሚጠቀምበት ዘዴ የሚተወው ጭረት ነው። ለዚያ ስክሪን የተመጠነ ስለሆነ ስልክ ላይ ጥቅም የለውም፤ የቀለሙን ቁጥር ግን ያበዛል። ሥዕሉ ባለ ቀለም መሆን የማያስፈልገው ከሆነ መጀመሪያ ወደ ግራጫ ለውጠው ከዚያ 16 ላይ ያውርዱት።

ሙሉ ትምህርት ሲሆን አንድ በአንድ መቁረጥ አሰልቺ ነው። ኢርፋንቪው ላይ `B` ሲጫኑ ብዙ ፋይል አንድ ላይ የሚሠራበት መስኮት ይከፈታል። በ`Advanced` ውስጥ መቁረጫውን ለግራ ግማሽ ከ0 ፒክስል፣ ለቀኝ ግማሽ ከ683 ፒክስል እንዲጀምር አድርገው፣ ስፋቱን 683፣ ከፍታውን 688፣ ከላይ መነሻውን 80 ይስጡት፤ ቀለም መቀነሻውንም እዚያው ያገኙታል። ትእዛዝ መተየብ የሚቀናው ሰው ኢሜጅማጂክን ጭኖ ያንኑ በአንድ መስመር ይሠራዋል፦

```
magick s03.png -crop 683x688+0+80 +repage +dither -colors 16 -strip PNG8:s03a.png
magick s03.png -crop 683x688+683+80 +repage +dither -colors 16 -strip PNG8:s03b.png
```

በምሳሌያችን የቁልቁለቱ ሥዕል ያለበት የግራ ግማሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ 18 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል።

ፎቶግራፉ ለብቻው ይሂድ

የጅብራው ፎቶ ሌላ ጠባይ አለው። በፎቶግራፍ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች አንድ ዓይነት የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ፒኤንጂ የሚያሳጥረው ድግግሞሽ አያገኝም። የመጀመሪያው ስክሪንሾት 700 ኪሎባይት የሆነው በአብዛኛው በዚህች የጥግ ፎቶ ምክንያት ነው። ለፎቶ የተሠራው ጄፔግ ነው፤ ዓይን የማይመረምረውን ጥቃቅን ልዩነት ይጥላል። ነገር ግን ጄፔግ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚሠራ፣ ድንገት ከነጭ ወደ ጥቁር የሚዘል ነገር ሲያጋጥመው ዙሪያውን በቆሻሻ ነጠብጣብ ያጠለሸዋል። ድንገት የሚዘል ነገር ማለት ደግሞ በትክክል ፊደል ማለት ነው። ቀይ ፊደል በሰማያዊ ላይ ከሆነ ይብሳል፤ ጄፔግ ብዙውን ጊዜ ቀለምን ከብርሃን ይልቅ በግማሽ ጥራት ነው የሚያስቀምጠው።

ስለዚህ ፎቶውን ከስላይዱ ያውጡት። በላዩ ላይ በቀኝ የመዳፊት ቁልፍ ተጭነው `Save as Picture` ይበሉ። ኢርፋንቪው ላይ በ`Ctrl+R` ስፋቱን ወደ 640 ፒክስል ያውርዱና በጄፔግ ሲያስቀምጡ ጥራቱን 60 ላይ ያድርጉ፤ 45 ኪሎባይት አካባቢ ይወጣል። ፎቶ ሲያንስ የሚጎዳ ፊደል ስለሌለው እዚህ ላይ ማሳነስ ይፈቀዳል። ከዚያ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህን ፎቶ ያላየ ተማሪ ከትምህርቱ ምን ይጎድልበታል? ጅብራን በጮቄ ግርጌ ላደገ ልጅ በፎቶ ማሳየት ትርፍ ነው። ለደጀን ቆላ ልጅ ግን አዲስ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ከተላከ የፈለገው ያወርደዋል፤ ያልፈለገው ይተወዋል።

ፊደል የተጻፈበት ፎቶ፣ ለምሳሌ የሳተላይት ምስል ላይ የወረዳ ስም ያለበት፣ ከሁለቱም ወገን አይስማማም። እዚህም የቁጥሩ ዘዴ ያድናል፤ በነጭ ክብ ውስጥ ትልቅ ጥቁር ቁጥር ያስቀምጡና ጥራቱን ወደ 70 ከፍ አድርገው በጄፔግ ያስቀምጡ።

አላላክ

ብዙ ልፋት ውኃ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ምስልን «እንደ ፎቶ» ከላኩ መተግበሪያው የራሱን ጄፔግ ይሠራበታል። ያ 18 ኪሎባይት የነበረ ጥርት ያለ ፒኤንጂ በፊደሎቹ ዙሪያ ቆሻሻ ይዞ፣ እንዲያውም ከቀድሞው ከብዶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ፒኤንጂዎቹን እንደ ፋይል ይላኩ፤ ስልክ ላይ የአባሪውን ምልክት ተጭነው `File` የሚለውን ይምረጡ፤ ኮምፒውተር ላይ ምስሉን ሲያስገቡ ከሚመጣው መስኮት የመጭመቂያውን ምልክት ያንሡ። የጅብራው ፎቶ እንደ ፎቶ ቢሄድ ጉዳት የለውም።

ከፋይሉ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ በቴሌግራም እስከ 1,024 ሆሄያት ይይዛል፤ ለርእሱ፣ ለቁጥሮቹ ፍቺና ለሠንጠረዡ ከበቂ በላይ ነው። ለምሳሌያችን እንዲህ ይጻፋል፦

የአየር ንብረት ቀጠናዎች፣ ሥዕል 3ሀ። 1 የዓባይ ሸለቆ፣ 2 ደጀን፣ 3 ደብረ ማርቆስ፣ 4 ጮቄ።
ቆላ፦ ከ500 እስከ 1500 ሜትር
ወይና ደጋ፦ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር
ደጋ፦ ከ2300 እስከ 3200 ሜትር
ውርጭ፦ ከ3200 ሜትር በላይ

ተማሪው ምስሉ ሳይወርድለት እንኳ የትምህርቱን ግማሽ በእጁ ይዟል። ሥዕሉ፣ ፎቶውና ጽሑፉ አንድ ላይ 65 ኪሎባይት አይሞሉም፤ በሰከንድ 10 ኪሎባይት በሚሄድ መስመር ሰባት ሰከንድ ገደማ ነው። ቀድሞ 70 ሰከንድ ነበር።

የፋይሉን ስም በላቲን ቁጥርና ፊደል አጭር አድርገው ይስጡ፤ `geo-03a.png`፣ `geo-03b.png` እያሉ። ፋይሎቹ የወረዱት በተለያየ ሰዓት ቢሆንም በስም ሲደረደሩ ቅደም ተከተላቸውን ይይዛሉ። ሁሉንም በዚፕ ጠቅልሎ መላክ ትርፍ የለውም። ፒኤንጂም ጄፔግም አስቀድመው የተጨመቁ ናቸው፤ ዚፑ ሲቋረጥ ግን ሁሉም አብሮ ይቀራል።

ከመላክዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በላፕቶፕዎ ስክሪን ላይ ያዩት ምስል ሁልጊዜ ይነበባል፤ ስለዚህ እዚያ መፈተሽ ዋጋ የለውም። ምስሉን ወደ ርካሽ ስልክ ይላኩና የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርገው ደጅ ይውጡ። ስላይዱን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስልኩን ይስጡትና ሳያሰፋ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይጠይቁት። እርስዎ ራስዎ ካነበቡት አይቆጠርም፤ ምን እንደተጻፈ ስለሚያውቁ የተደፈነውንም ፊደል ያነቡታል። አንባቢው በአንድ ቁጥር ላይ እንኳ ካመነታ፣ መፍትሔው ፊደሉን ስላይዱ ላይ ማተለቅ ነው፤ ምስሉን በፒክስል ማብዛት አይደለም።

ፍጥነቱን ለመፈተሽ በስልኩ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ 2ጂ ብቻ የሚለውን ይምረጡና አንዱን ፋይል ያውርዱ። ከ10 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ካለ መጠኑን ይመልከቱ። እኔ ለአንድ ምስል የምይዘው ጣሪያ 60 ኪሎባይት ነው። ፒኤንጂ ሆኖ ይህን ካለፈ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ነጭ የመሰለዎት ጀርባ ነጭ አይደለም፣ ያቺ የነጠብጣብ ሣጥን ምልክቷ አልተነሣም፣ ወይም ሥዕሉ ውስጥ የተደበቀ ፎቶ አለ።